ሦስት ካሜራ፣ ሦስት ሰዓት፣ አንድ ሠርግ

ጥር ሲገባ የአዲስ አበባ የሠርግ ቪዲዮ ስቱዲዮዎች እንቅልፍ ያጣሉ። ከገና ማግሥት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ድረስ ሠርግ በሠርግ ላይ ይደራረባል። ቅዳሜ የአንዱ፣ እሑድ የሌላው፣ በመሐል ደግሞ መልስና ቅልቅል አለ። አንዱን ሠርግ ብቻ ሁለት ካሜራና አንድ ስልክ ይቀርጹታል። ወሩ ሲያልቅ ሃርድ ዲስኩ ውስጥ የሚገኘው ክሊፕ በሺዎች የሚቆጠር ሲሆን፣ ስማቸው እንደ MVI_0412.MP4፣ C0007.MP4 እና IMG_3381.MOV ያለ ነው። የማን ሠርግ እንደሆነ፣ መቼ እንደተቀረጸ፣ ከየትኛው ቀድሞ የትኛው እንደሚከተል ስሙ አይናገርም።

ስሙ ባይናገርም ችግር የለም የሚል ይኖራል። ችግሩ ቁጥሩ መደጋገሙ ነው። ብዙ ካሜራ ለፋይል የሚሰጠው አራት አሃዝ ብቻ ስለሆነ 9999 ላይ ሲደርስ ወደ 0001 ይመለሳል። አንዳንዱ ካሜራ ደግሞ ሜሞሪ ካርዱ ፎርማት በተደረገ ቁጥር ከ C0001 ሊጀምር ይችላል። የቅዳሜውና የእሑዱ ካርድ ወደ አንድ ፎልደር ሲገለበጥ ዊንዶውስ «በዚህ ስም ሌላ ፋይል አለ፣ ይተካ?» ብሎ ይጠይቃል። ሌሊቱን ሲሠራ ያደረ ሰው «ተካ» የሚለውን ተጭኖ ያልፋል፤ በዚያች ቅጽበት የአንዷ ሙሽራ ከቤት አወጣጥ ይጠፋል።

መፍትሔው እያንዳንዱን ክሊፕ ከፍቶ እያዩ ስም መስጠት አይደለም። ክሊፑ የተቀረጸበትን ቀንና ሰዓት ራሱ ተሸክሞ ይዞራል። MP4 እና MOV የሚባሉት የፋይል ዓይነቶች አፕል ለኩይክታይም ካዘጋጀው አሠራር የመጡ ናቸው። ፋይሉ ውስጥ ከምስሉና ከድምፁ ጎን ለጎን ስለራሱ ስለ ፋይሉ የሚያወራ ትንሽ ክፍል አለ፤ ሜታዳታ የሚባለው እሱ ነው። እዚያ ከተመዘገቡት ነገሮች አንዱ CreateDate ሲሆን፣ የሚቀመጠውም ከጃንዋሪ 1፣ 1904 እኩለ ሌሊት ጀምሮ በተቆጠረ ሰከንድ ነው። አንዳንድ ሶፍትዌር ላይ «በ1904 የተቀረጸ» የሚል ክሊፕ ያጋጠመው ሰው ምሥጢሩ ይኸው ነው፤ ቆጣሪው ባዶ ሆኖ ዜሮ ቀርቷል ማለት ነው።

ይህን የውስጥ ሰዓት ከፎልደሩ መስኮት ላይ ከሚታየው ቀን ጋር ማምታታት በጣም የተለመደ ስሕተት ነው። ዊንዶውስ ላይ «Date created» የሚለው ዓምድ የሚያሳየው ፋይሉ እዚያ ዲስክ ላይ የተፈጠረበትን ቀን ነው። የጥሩ ሠርግ በመጋቢት ወደ አዲስ ሃርድ ዲስክ ቢገለበጥ «መጋቢት» ይላል። በዚህ ዓምድ የተደረደረ ማኅደር የተደረደረው በግልበጣ ቀን እንጂ በቀረጻ ቀን አይደለም። የውስጡ ሰዓት ግን ፋይሉ አሥር ጊዜ ቢገለበጥም አይነካም።

የውስጡን ሰዓት ለማንበብ ባለሙያዎች የሚመርጡት ኤግዚፍቱል የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ነው። ካናዳዊው ፊል ሃርቪ በ2003 ያወጣው ሲሆን እስካሁንም እየታደሰ ይገኛል። መስኮትና አዝራር የለውም፤ በጥቁሩ የትዕዛዝ መስኮት በጽሑፍ ነው የሚታዘዘው። ይህ ብዙ ሰው ያስደነግጣል፤ ነገር ግን ለሦስት ሺህ ክሊፕ የሚያስፈልገው ሁለትና ሦስት መስመር ትዕዛዝ ብቻ ነው። መስመሩ ቢረዝምም አንዴ ጽፎ ማስቀመጥ ይበቃል።

አሁን አንድ ሠርግ እንውሰድ። ቀኑ እሑድ፣ ጥር 18 ቀን 2017 ነው፤ በፈረንጅ ጃንዋሪ 26፣ 2025። ዋናው ካሜራ ሀ፣ ሁለተኛው ካሜራ ለ፣ ሦስተኛው ደግሞ የረዳቱ ስልክ ነው። ካርዶቹ ሲገለበጡ ሳይደባለቁ A፣ B እና P በተባሉ ሦስት ፎልደሮች ገብተዋል። ይህ መነጣጠል እንደ ዋዛ መታየት የለበትም፤ ምክንያቱ ወዲያው ግልጽ ይሆናል። መጀመሪያ የሚደረገው ምንም ሳይነኩ ማየት ነው።

```
exiftool -r -csv -Model -CreateDate -Duration D:\SERG > list.csv
```

ትዕዛዙ በፎልደሩ ያለውን ሁሉ አንብቦ በኤክሴል የሚከፈት ሰንጠረዥ ያወጣል፤ የእያንዳንዱ ክሊፕ ስም፣ የካሜራው ሞዴል፣ የተቀረጸበት ሰዓትና ርዝመቱ ይሰለፋሉ። ኤዲተሩ ከሰንጠረዡ ጋር ሦስቱም የቀረጹትን አንድ ቅጽበት ይፈልጋል። ቀለበት የተደረገው ከረፋዱ 4 ሰዓት ከ40 ላይ ነው፤ በፈረንጅ 10፡40። ካሜራ ሀ 10፡40 ይላል። ካሜራ ለ 04፡40 ይላል። ስልኩ 07፡40 ይላል።

ሦስቱም አልዋሹም። ካሜራ ሀ በፈረንጅ አቆጣጠር የአዲስ አበባን ሰዓት ይዟል። ካሜራ ለን ያስተካከለው ሰው የእጅ ሰዓቱን አይቶ በሀበሻ ሞልቶታል፤ ስለዚህ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ስልኩ ደግሞ ደንቡን አክብሮ የዓለም አቀፉን ሰዓት ጽፏል፤ ከአዲስ አበባ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ የሚለው ዩቲሲ የሚባለው ነው። የፋይሉ ደንብ በትክክል የሚያዘው ስልኩ ያደረገውን ቢሆንም፣ ብዙ ካሜራ በየትኛው አገር እንዳለ ስለማያውቅ ሰዓቱ ላይ የተሞላለትን እንዳለ ይጽፋል። ለዚህም ነው የዊንዶውሱ «Media created» ዓምድ ለካሜራ ሀ ክሊፕ 1፡40 ከሰዓት ብሎ የሚያሳየው፤ ሁሉም ፋይል ደንቡን ያከበረ መስሎት ሦስት ሰዓት ይጨምርበታል።

የካሜራ ለ ዓይነት ችግር ሌላ መልክም አለው። ሰዓቱ የተሞላው ማታ ከሆነ፣ ሞላዩ ከምሽቱ 1 ሰዓትን 13፡00 በማለት ፈንታ 01፡00 ብሎ ሊያስገባው ይችላል። ያን ጊዜ ልዩነቱ ስድስት ሳይሆን አሥራ ስምንት ሰዓት ይሆናል። ዓመቱንም በኢትዮጵያ አቆጣጠር 2017 ብለው የሞሉ አሉ፤ ክሊፖቹ በሙሉ ወደ ኋላ ስምንት ዓመት ገደማ ይሸሻሉ። ደግነቱ ስሕተቱ ምንም ያህል ቢሰፋ፣ የካሜራው ሰዓት እስካልተነካ ድረስ ልዩነቱ አንድ ዓይነት ነው። አንድ ቅጽበት አግኝቶ ልዩነቱን ማስላት ለቀሩት በሙሉ ይበቃል። ሰዓቱ መሐል ላይ ተስተካክሎ እንደሆነ ግን ሰንጠረዡ ላይ የቁጥሮቹ ቅደም ተከተል በድንገት ሲዘል ይታያል፤ ከዚያ በፊትና በኋላ ያለውን ለይቶ መሥራት ያስፈልጋል።

ልዩነቱ ከታወቀ ስም መስጠት ቀላል ነው። ለካሜራ ለ የሚጻፈው እንዲህ ነው፤

```
exiftool -globalTimeShift 6 "-TestName<CreateDate" -d "%Y%m%d_%H%M%S_B_%%f.%%e" D:\SERG\B
```

በመሐል ያሉት ፊደላት አዲሱን ስም የሚሠሩ ናቸው፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ከዚያ ሰዓት፣ ደቂቃና ሰከንድ፣ ቀጥሎ የካሜራው ምልክት። %%f የቀድሞውን ስም መጨረሻ ላይ ያቆያል፣ %%e ደግሞ የፋይሉን ዓይነት። C0007.MP4 የነበረው 20250126_104012_B_C0007.MP4 ይሆናል። የመጀመሪያው -globalTimeShift 6 ደግሞ ሲያነብ ስድስት ሰዓት ጨምሮ እንዲያነብ ያዛል። ፋይሉ ውስጥ የተጻፈውን አይለውጥም፤ ስለዚህ ስሌቱ ቢሳሳት የሚበላሽ ነገር የለም።

የቀድሞውን ስም ማቆየት ቆሻሻ የሚመስለው ሰው አይጠፋም። ሦስት ጥቅም አለው። በአንድ ሰከንድ የተቀረጹ ሁለት ክሊፖች ስማቸው እንዳይጋጭ ያደርጋል፤ ደንበኛው ወይም ሌላው ካሜራ ማን «C0007ን ላክልኝ» ሲል ፍለጋው አንድ ጊዜ ነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ረጅም ቀረጻን ቆራርጠው የሚያስቀምጡ ካሜራዎችን ቅደም ተከተል ይጠብቃል። ጎፕሮ ለምሳሌ አንዱን ረጅም ቀረጻ GX010123፣ GX020123 እያለ ይከፋፍለዋል፤ መጀመሪያ ያሉት ሁለት አሃዞች የክፍሉ፣ የመጨረሻዎቹ አራቱ የቀረጻው ቁጥር ናቸው። ይህ ስም ከጠፋ የትኛው የማን ተከታይ እንደሆነ ማወቅ ከባድ ነው።

TestName የሚለው ቃል የልምምድ ነው። ፕሮግራሙ ምንም ሳይሠራ የድሮውን ስም፣ ከአጠገቡም አዲሱን እየዘረዘረ ያሳያል። ዝርዝሩ በዓይን ተገምግሞ ትክክል ከሆነ በ TestName ፈንታ FileName ተተክቶ ያው ትዕዛዝ ይደገማል። ለካሜራ ሀ -globalTimeShift 6 ይወጣና B የነበረው A ይሆናል። ለስልኩ ደግሞ በእሱ ቦታ -api QuickTimeUTC ይገባል፤ «ይህ ፋይል በዓለም አቀፉ ሰዓት የተጻፈ ነውና ወደዚህ ኮምፒውተር ሰዓት መልሰው» ማለት ነው። ሦስቱ ፎልደሮች ሳይደባለቁ የቆዩት ለዚህ ነው፤ ሦስቱም የሚፈልጉት እርማት የተለያየ ነው። ትዕዛዙ በጥቁሩ መስኮት ላይ በእጅ ሲጻፍ እንዲሁ ይሠራል፤ በ .bat ፋይል ከተቀመጠ ግን እያንዳንዱ % በእጥፍ መጻፍ አለበት።

ከዚህ በኋላ የቀን ፎልደር ጉዳይ ይመጣል፤ እዚህ ላይ ሠርግ የራሱ ጠባይ አለው። የፈረንጁ ቀን እኩለ ሌሊት ላይ ይገለበጣል። ጭፈራው እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ከዘለቀ፣ ያለ ጥንቃቄ የተሠራ ድርደራ የሠርጉን ጅራት ቆርጦ ሰኞ ፎልደር ውስጥ ይከተዋል። እንደ እኛ አቆጣጠር ቀኑ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ይጀምር ቢባል የሚፈታ ይመስላል። ነገር ግን የሙሽራዋ ሜካፕ ብዙ ጊዜ ገና ሳይነጋ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ይጀመራል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ማለዳው ወደ ቅዳሜ ይሄዳል። ማንም የማይቀርጽበት ሰዓት ከሌሊቱ 10 ሰዓት አካባቢ ነው፤ በፈረንጅ 4፡00። ቀኑ እዚያ ላይ ይቆረጥ፤

```
exiftool -globalTimeShift -4 "-Directory<CreateDate" -d "D:/SORTED/%Y-%m-%d" D:\SERG\A
```

አራት ሰዓት ተቀንሶ ሲነበብ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው ጭፈራ ወደ እሑድ ይመለሳል፤ የ11 ሰዓቱ ሜካፕም እሑድ ይቀራል። ስሙ ላይ ያለው ሰዓት ግን እውነተኛው እንደሆነ ይቆያል፤ ቅነሳው ለፎልደሩ ምርጫ ብቻ ነው። ለካሜራ ለ ስድስት ተጨምሮ አራት ይቀነሳል፣ ስለዚህ የሚጻፈው 2 ነው። ለስልኩ -4ም QuickTimeUTCም አብረው ይገባሉ። መጨረሻ ላይ የሦስቱም ክሊፖች 2025-01-26 በሚባል አንድ ፎልደር ውስጥ ይገናኛሉ፤ በስም ሲደረደሩም የካሜራ ሀ፣ የለ እና የስልኩ ቀለበት ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ፎልደሮቹ በሙሉ በዚያው ዲስክ ላይ ከሆኑ ሥራው ፈጣን ነው። የሚለወጠው የፋይሉ አድራሻ ብቻ እንጂ ጊጋባይቱ አይንቀሳቀስም።

ፎልደሩ በፈረንጅ ቀን መጠራቱ የሚከፋው ሰው ይኖራል። ፕሮግራሙ የኢትዮጵያን አቆጣጠር አያውቅም። ዓመት፣ ወር፣ ቀን በቁጥር ሲቀድም ግን ኮምፒውተሩ ፎልደሮቹን በጊዜ ቅደም ተከተል ይደረድራቸዋል፤ «ጥር» እና «የካቲት» በፊደል ሲደረደሩ የካቲት ይቀድማል። ስለዚህ ቁጥሩን ከፊት ትቶ «2025-01-26 ጥር 18» ብሎ በእጅ መጨመር ይሻላል። ይህም መሆን ያለበት ድርደራው ካለቀ በኋላ ነው፤ ዊንዶውስ ላይ በአማርኛ ፊደል የተጻፈ የፎልደር ስም ትዕዛዙ ውስጥ ሲገባ ብዙ ጊዜ ያስቸግራል።

ያው ችግር በውጭ ላሉ ቤተሰቦች ስልክ በሌላ መልክ ይመጣል። ዋሽንግተን ውስጥ በበጋ ወር ከምሽቱ 8፡30 የተቀረጸ የልደት ኬክ በዓለም አቀፉ ሰዓት በማግሥቱ 00፡30 ነው፤ ሳይታረም ከተደረደረ ልደቱ አንድ ቀን ይዘገያል። ለሠርጉ ከዚያ የመጣ እንግዳ አዲስ አበባ ላይ የቀረጸውን ይዞ ሄዶ ዋሽንግተን ባለ ኮምፒውተር ቢደረድር ደግሞ QuickTimeUTC ወደ ዋሽንግተን ሰዓት ይመልስበታል፤ የ10፡40 ቀለበት ከሌሊቱ 2፡40 ይሆናል። አይፎን ለዚህ መድኃኒት አለው። CreationDate በሚል ሌላ ቦታ ሰዓቱን ከቀረጻው ቦታ ልዩነት ጋር፣ ማለትም +03:00 ብሎ ይጽፋል። ለአይፎን ክሊፖች በ CreateDate ፈንታ እሱን ማንበብ ነው፤ QuickTimeUTCም አያስፈልግም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ክሊፑ ከካሜራው እንደወጣ ከሆነ ነው። በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም እንደ ተራ ቪዲዮ የተላከ ክሊፕ በመንገድ ላይ ተጨምቆ እንደገና ይጻፋል፤ የቀረጻው ሰዓት ይጠፋል ወይም በሌላ ይተካል። VID-20250129-WA0003.mp4 የሚለው ስም ላይ ያለው ቀን የመልእክቱ እንጂ የሠርጉ አይደለም። ቴሌግራም ላይ «እንደ ፋይል» ተብሎ የተላከ ግን ሳይነካ ይደርሳል፤ ሚዜዎች የቀረጹትን ሲልኩ ይህን መጠየቅ ተገቢ ነው። ከኤዲቲንግ ፕሮግራም የወጣ ክሊፕም እንዲሁ የሚይዘው ተሠርቶ የወጣበትን ሰዓት ነው። ሰዓታቸው ባዶ የሆኑትን ደግሞ ሰንጠረዡ ላይ 0000:00:00 በሚለው መለየት ይቻላል፤ እነሱን አውጥቶ ለብቻ በማስቀመጥ በዓይን እያዩ ከመደርደር በቀር አማራጭ የለም።

የሰከንድ ትክክለኛነትም መጠበቅ አይገባም። የካሜራ ሰዓት በወራት ውስጥ ደቂቃ ሊዛነፍ ይችላል፤ አንዳንድ ስልክም የሚጽፈው ቀረጻው የተጀመረበትን ሳይሆን ያለቀበትን ሰዓት ነው። የሁለት ካሜራን ምስል ከከንፈር እንቅስቃሴ ጋር ማጣጣም የድምፅ ሞገድን የማነጻጸር ሥራ ነው፤ የፋይል ስም እዚያ ድረስ አይሄድም።

ሌላው መታወቅ ያለበት የሥራው ጊዜ ነው። ኤዲቲንግ ከተጀመረ በኋላ ስም የሚለውጥ ሰው ፕሮጀክቱን ሲከፍት ክሊፖቹ በሙሉ «ጠፍተዋል» ተብለው በቀይ ይጠብቁታል፤ ፕሪሚየርም ሆነ ሌላው ፕሮግራም ክሊፕን የሚያስታውሰው በስሙና በቦታው ነው። ድርደራው ካርዱ በተገለበጠ ቀን፣ ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ዲስክ ላይ ከተቀመጠ በኋላ መሠራት አለበት። ሲያልቅ የፋይሎቹ ብዛትና ጠቅላላ መጠን በፊት ከነበረው ጋር እኩል መሆኑ ይረጋገጥ። ኤግዚፍቱል በአንድ ስም ሌላ ፋይል ካገኘ አይተካም፤ ስሕተት መሆኑን ጽፎ ክሊፑን ባለበት ይተወዋል። ስለዚህ A፣ B እና P ውስጥ የቀረ ነገር ካለ ምክንያቱ መስኮቱ ላይ ተጽፏል ማለት ነው። ማጠቃለያው ላይ «image files» እያለ መቁጠሩ አያስደንግጥ፤ ቪዲዮንም የሚጠራው በዚያው ስም ነው።

ለሚቀጥለው ሠርግ ግን ከዚህ ልፋት ግማሹን ማስቀረት ይቻላል። ከስቱዲዮ ሳትወጡ የሁሉንም ካሜራ ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር፣ በ24 ሰዓት አጻጻፍ፣ ከስልካችሁ እያያችሁ ሙሉ። ከዚያም የስልኩን ሰዓት በሰከንዱ አሳይታችሁ በየካሜራው ለጥቂት ሰከንድ ቅረጹ። ስሕተት ቢኖር እንኳ ልዩነቱን ለማስላት የሚያስፈልገው ቅጽበት የየካርዱ የመጀመሪያ ክሊፕ ላይ ይገኛል።